አምስቱን ሰከንድ ለማን እንፈቅዳለን?

እ.ኤ.አ. በ2020 ማብቂያ ላይ ናታን ኢቫንስ የተባለ ስኮትላንዳዊ ፖስተኛ አንድ የመርከበኞች ዘፈን ዘፍኖ በቲክቶክ ለቀቀ። ከግላስጎው አቅራቢያ ካለችው ከኤርድሪ ከተማ ነበር። ሙዚቃ መሣሪያ አልነበረውም፤ አጃቢም አልነበረውም። የእጁ ምትና የራሱ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። ዘፈኑ "ዌለርማን" ይባላል፤ በኒውዚላንድ ዙሪያ ዓሣ ነባሪ ይታደን ከነበረበት ዘመን የቀረ የቆየ ዜማ ነው።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ወፍራም ድምፅ ያለው የማያውቀው ሰው ቪዲዮውን ወስዶ ከራሱ ቪዲዮ ጎን አስቀመጠውና ከሥር ሆኖ ተቀበለው። የሁለቱን አንድ ላይ የሰማ ሦስተኛ ሰው ደግሞ የራሱን ድምፅ ጨመረበት። ሌሎችም ቀጠሉ፤ ቫዮሊን የያዘም መጣ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በአንድ ሰው የተጀመረው ዜማ በስክሪኑ ላይ ፊቶች የተደረደሩበት መዘምራን ሆነ። ኢቫንስ በ2021 መጀመሪያ ከፖሊዶር የሙዚቃ ኩባንያ ጋር ተፈራርሞ የፖስታ ሥራውን ተወ። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ዘፈኑ በብሪታንያ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ።

እነዚያ ሰዎች ስልክ አልተደዋወሉም፤ አንድ ስቱዲዮ ውስጥም አልተገናኙም። መዘምራኑን ያሰባሰበው ዱየት የሚባለው የመተግበሪያው አገልግሎት ነው። ኢቫንስ ግን ይህ ሁሉ እንዲሆን አንድ ነገር ክፍት መተው ነበረበት። ብዙዎቻችን ቪዲዮ ስንለቅ ዓይናችን የማያርፍበት፣ ከ"Post" ቁልፍ በላይ የተቀመጠ ትንሽ ማብሪያና ማጥፊያ ነው።

ዱየት የሚሠራው እንዲህ ነው። አንድ ሰው የእናንተን ቪዲዮ ከፍቶ የማጋሪያ ቀስቷን ሲነካ ከሚመጡለት ምርጫዎች አንዱ "Duet" ይሆናል። ያንን ሲመርጥ ስክሪኑ ለሁለት ይከፈላል፤ በአንዱ በኩል የእናንተ ቪዲዮ ይጫወታል፣ በሌላው በኩል የእሱ ካሜራ ይቀርጻል። ሲጨርስ ሁለቱ ተጣብቀው አንድ አዲስ ቪዲዮ ይሆናሉ፤ ይህ አዲስ ቪዲዮ የሚቀመጠው በእሱ አካውንት ላይ ነው። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህች ላይ ነው። አዲሱ ቪዲዮ የራሱ ባለቤት፣ የራሱ ኮሜንትና የራሱ የፈቃድ ምርጫ አለው። ስለዚህ ሦስተኛው ሰው ዱየት የሚያደርገው ሁለት ፊት ካለበት ቪዲዮ ጋር ነው፤ አራተኛው ሦስት ፊት ካለበት ጋር። የዌለርማን መዘምራን ሽፋን በሽፋን እየተደራረበ ያደገው በዚህ መንገድ ነው።

ስቲች ከዚህ ይለያል። ቲክቶክ ያስተዋወቀው በ2020 መስከረም ላይ ነው። በስቲች ሌላው ሰው ከቪዲዮአችሁ ውስጥ እስከ አምስት ሰከንድ የሚደርስ ቁራጭ ይመርጣል። ቁራጩ መጀመሪያ ይታያል፤ ከዚያ ተቆርጦ የእሱ ቪዲዮ ይቀጥላል። ዱየት ጎን ለጎን ሲያስኬድ ስቲች ግን ያስቀድምና ያስከትላል። እናንተ ጀመራችሁ፣ እሱ ጨረሰ ማለት ነው።

በዚህ አገልግሎት ትልቁን ስም ያተረፈው ሴኔጋል ተወልዶ ጣሊያን ያደገው ካቢ ላም ነው። በ2020 ወረርሽኙ ሲጀምር ከፋብሪካ ሥራው ተሰናብቶ ቤት ዋለ። ከዚያ ሰዎች ቀላሉን ሥራ አወሳስበው የሚያሳዩባቸውን ቪዲዮዎች በስቲችና በዱየት እየወሰደ፣ አንድ ቃል ሳይናገር፣ ያንኑ ሥራ በቀላሉ ሠርቶ ማሳየት ያዘ። በ2022 ሰኔ ላይ በቲክቶክ ከማንም በላይ ተከታይ ያለው ሰው ሆነ። የካቢን ታሪክ ስናወራ የሚረሳው ግን ቪዲዮአቸው የተወሰደባቸው ሰዎች ጉዳይ ነው። እነሱ ብልሃት እናሳይ ብለው የለቀቁት ነገር በሚሊዮኖች ፊት መሳቂያ ሆኗል። ኢቫንስን ለዝና ያበቃውና እነዚህን ሰዎች ለመሳቂያ ያበቃው ያው አንድ ፈቃድ ነው። መተግበሪያው የሚጠይቀው ማን ይውሰድ ብሎ እንጂ ለምን ዓላማ ይውሰድ ብሎ አይደለም።

ለእኛ ደግሞ የስቲች አምስት ሰከንድ የተለየ አደጋ አለው። በአማርኛ ስንናገር ፍርዱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። የምንቃወመውን ሐሳብ አስቀድመን ሙሉውን እንናገራለን፤ መቃወማችን የሚታወቀው ማሰሪያ አንቀጹ ላይ ስንደርስ ነው። ማሰሪያው ከተቆረጠ የምንቃወመው ነገር የራሳችን ቃል ሆኖ ይቀራል።

አንድ ምሳሌ ወስደን እስከ ጫፉ እንከተለው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ አለች እንበል። በማታ ፈረቃ እጃቸው በእሳት ወይም በፈላ ውሃ የተቃጠለ ልጆች በየጊዜው ይመጡላታል፤ ብዙዎቹ ቁስላቸው ላይ ቅቤ ወይም የጥርስ ሳሙና ተቀብቷል። ይህ ስላስጨነቃት በቲክቶክ እንዲህ አለች፦ "እሳት ያቃጠለውን ቦታ ቶሎ ብላችሁ ቅቤ ወይም የጥርስ ሳሙና ቀቡት የሚሏችሁን ሰዎች አትስሟቸው፤ በሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ሃያ ደቂቃ ያህል አቀዝቅዙት፣ ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ ኑ።" ምክሯ ትክክል ነው። አሁን ከመጀመሪያው ቃል ጀምራችሁ "ቀቡት" እስከሚለው ድረስ በተለመደው የንግግር ፍጥነት አንብቡት። አምስት ሰከንድ አካባቢ ነው።

ነጭ ጋዋን ለብሳ ፊት ለፊት ወደ ካሜራ የምታይ የጤና ባለሙያ "እሳት ያቃጠለውን ቦታ ቶሎ ብላችሁ ቅቤ ወይም የጥርስ ሳሙና ቀቡት" ስትል የሚያሳይ ቁራጭ ስቲች ተደርጎ ቢወጣ አስቡት። ከኋላው አንዱ "ነርሶቹም እንዲህ ይላሉ!" ብሎ ሊደግፋት ይችላል፤ ሌላው "እዩልኝ የዘንድሮን ባለሙያ" ብሎ ሊሰድባት ይችላል። ሁለቱም የፈጠሩት ቃል የለም፤ የሷኑ ድምፅ ነው ያሰሙት። የቆረጠው ሰው ተንኮለኛ መሆንም የለበትም፤ አምስት ሰከንዱ እዚያ ላይ ስላለቀበት ብቻ ሊሆን ይችላል።

ነርሷ ሁለት ነገር ማድረግ ትችላለች። አንደኛው አነጋገሯን ማስተካከል ነው፤ ፍርዱን ማስቀደም። "ቅቤና የጥርስ ሳሙና ቃጠሎ ላይ አትቀቡ። ውሃ ነው የሚያስፈልገው።" ብላ ብትጀምር ከየትኛውም ቦታ ቢቆርጡት ትርጉሙን መገልበጥ ይከብዳል። ምክር የሚሰጡ ሁሉ፣ ሐኪሙም ጠበቃውም ሰባኪውም፣ ይህንን ልማድ ቢያደርጉት እመኛለሁ፤ ከየትኛውም ሴቲንግ የበለጠ ይጠብቃል። ሁለተኛው ፈቃዱን መለየት ነው። ዱየት አብዛኛውን ጊዜ ሙሉውን ንግግር ጎን ለጎን ስለሚያሰማ ሐሳብን አይቆርጥም፤ በጎኑ ፊቱን የሚያጨማድድ ሰው ቢኖርም ተመልካቹ የእሷን ቃል እስከ መጨረሻው የመስማት ዕድል አለው። ስለዚህ ዱየቱን ክፍት ትታ ስቲቹን መዝጋት ለእሷ ዓይነት ሥራ የሚስማማ ምርጫ ይመስለኛል። ዘፋኝ ቢሆን ምክሬ ሌላ ይሆን ነበር፤ ለዘፋኝ ሁለቱም ክፍት ቢሆኑ የሚያተርፈው ይበልጣል።

ፈቃዱ የሚገኘው በሁለት ቦታ ነው። የመጀመሪያው የአካውንቱ አጠቃላይ ምርጫ ነው። ቲክቶክን ከፍታችሁ ወደ "Profile" ግቡ፤ ከላይ በቀኝ በኩል ያሉትን ሦስት መስመሮች ንኩ፤ "Settings and privacy" ቀጥሎም "Privacy" የሚለውን ክፈቱ። ወረድ ስትሉ "Duet" እና "Stitch" የሚሉ መስመሮች ታገኛላችሁ። እያንዳንዳቸው ሦስት ምርጫ አላቸው፤ ለሁሉም ሰው፣ ለጓደኞች፣ ለራስ ብቻ። እዚህ ላይ ጓደኛ የሚባለው የሚከተላችሁ ሁሉ አይደለም፤ እሱ እናንተን እናንተም እሱን የምትከተሉት ሰው ብቻ ነው። ሃያ ሺህ ተከታይ ኖሮት አርባ ሰው ብቻ የሚከተል ሰው "ለጓደኞች" ቢል ቢበዛ ለአርባ ሰው ነው የፈቀደው።

ሁለተኛው ቦታ በእያንዳንዱ ቪዲዮ ላይ ነው። ቪዲዮው ከመለቀቁ በፊት መግለጫ በምትጽፉበት ገጽ ላይ ተጨማሪ ምርጫዎችን ስትከፍቱ ዱየትና ስቲች የሚፈቅዱ ማብሪያዎች አሉ። ከተለቀቀ በኋላ ደግሞ ቪዲዮውን ከፍቶ ሦስቱን ነጥቦች መንካትና "Privacy settings" ውስጥ መግባት ነው። መተግበሪያው በየጊዜው ገጹን ስለሚለዋውጥ በአንዳንድ ስልኮች ላይ ሁለቱ ተለያይተው ሳይሆን "Allow reuse of content" በሚል አንድ ማብሪያ ተጠቃለው ይታያሉ። ስልካችሁ ላይ ያለው ይኸኛው ከሆነ ዱየትን ትቶ ስቲችን ብቻ መዝጋት አይቻልም፤ ያኔ መወሰን ያለባችሁ ሁለቱን አንድ ላይ ነው። ለነርሷ እንዲህ ቢሆንባት ምክር የሚሰጡትን ቪዲዮዎች ዘግታ ሌሎቹን ክፍት ብትተው ይሻላል።

መዘጋቱን ለማረጋገጥ በራስ አካውንት ማየት ያሳስታል። "ለራስ ብቻ" ያለ ሰው ራሱ ዱየት ማድረግ ስለሚችል ምርጫው ለእሱ አሁንም ይታየዋል። የእህታችሁን ወይም የባልደረባችሁን ስልክ ተዋሱ፤ ቪዲዮአችሁን ከእሷ አካውንት ክፈቱና የማጋሪያ ቀስቷን ንኩ። "Duet" እና "Stitch" ከሌሉ ወይም ደብዝዘው የማይነኩ ከሆነ ተዘግቷል። ስልኩን ይዛችሁ እያለ ሁለት ሦስት የድሮ ቪዲዮዎቻችሁንም እዩ፤ ብዙ ሰው አዲሱን ዘግቶ ከሁለት ዓመት በፊት የለቀቀውን ይረሳል።

አሁን የብዙ ሰው ቅሬታ ወደሚነሳበት ነገር እንምጣ። ማብሪያውን ማጥፋት ከዚያ ወዲያ የሚመጣውን ነው የሚከለክለው። ቀድሞ የተሠራው ዱየት ወይም ስቲች በሌላው ሰው አካውንት ላይ ያለ የእሱ ቪዲዮ ስለሆነ እናንተ ማብሪያውን ስላጠፋችሁ አይጠፋም። "ፈቃዴን አንስቻለሁ፣ ቪዲዮው ግን አለ" የሚለው ግራ መጋባት የሚመጣው ከዚህ ነው። ስለዚህ ጊዜ ዋጋ አለው። አንድ ቪዲዮ ባልታሰበ መንገድ መሮጥ ሲጀምርና ቃናው መክፋቱ ሲታይ በመጀመሪያው ሰዓት መዝጋት በሦስተኛው ቀን ከመዝጋት እጅግ ይለያል። በመካከሉ የተሠራው ሁሉ ይቀራልና።

የተሠራውን ለማግኘት መጀመሪያ የመልእክት ሳጥኑን እዩ፤ አንድ ሰው ዱየት ሲያደርግ ማሳወቂያ ይመጣል። ብዛት ኖሮት ካመለጣችሁ በመፈለጊያው ላይ "duet" ወይም "stitch" ብላችሁ የአካውንታችሁን ስም አስከትሉ። ሰዎች መግለጫቸው ላይ የእናንተን ስም ካልሰረዙ በዚህ ብዙ ይገኛል። ያገኛችሁት ቪዲዮ ካስከፋችሁ ብዙ ጊዜ ፈጣኑ መንገድ ለሠራው ሰው በጨዋ ቃል መጻፍ ነው፤ ያለ ክፋት የቆረጠ ሰው ሙሉ ንግግሩን ሲያይ ያነሳዋል። ስድብ፣ ማዋረድ ወይም ማስፈራራት ያለበት ከሆነ ግን ቪዲዮውን ተጭኖ በመያዝ "Report" ማለት ይቻላል። ሲያመለክቱ ምክንያቱን ማዋረድና ትንኮሳ ብሎ መምረጥ "ያለፈቃዴ ወሰደ" ከማለት ይሻላል። ማብሪያውን ክፍት ስትተዉ በመተግበሪያው ውል መሠረት ለሌሎች ተጠቃሚዎች ፈቅዳችኋልና፣ የፈቃድ ክርክሩ የላላ መሬት ላይ የቆመ ነው። ማዋረድ ግን በማንም ፈቃድ አይፈቀድም።

ማብሪያው የማይዘጋቸው በሮችም አሉ። ቪዲዮን አውርዶ መውሰድ የራሱ የተለየ ምርጫ አለው፤ ዱየትን መዝጋት ማውረድን አይዘጋም። ስክሪን መቅዳትን ደግሞ የትኛውም ሴቲንግ አያቆመውም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማሰብ ያስፈልጋል። በዱየትና በስቲች የተወሰደ ቪዲዮ ወደ እናንተ የሚመልስ ማያያዣ ይዞ ይሄዳል፤ ተመልካቹ ነክቶ ዋናውን ሊያይ ይችላል። ከስክሪን ተቀድቶ የተለቀቀ ግን ባለቤት አልባ ሆኖ ነው የሚዞረው፣ ማሳወቂያም አይመጣም። ስለዚህ ሁሉን ነገር ጥርቅም አድርጎ መዝጋት ሁልጊዜ የበለጠ ጥበቃ አይደለም። በርካታ ተከታይ ላለው ሰው ሐቀኛውን መንገድ ዘግቶ የሌባውን ብቻ መተው ሊሆንበት ይችላል።

ስሙ ይለያያል እንጂ ሌሎቹም መድረኮች ይህንኑ ያደርጋሉ። ኢንስታግራም በ2021 መጋቢት ላይ ሪሚክስ ብሎ ለሪልስ አመጣው፤ መቆጣጠሪያው በሴቲንግ ውስጥ ስለ ማጋራትና መልሶ መጠቀም በሚናገረው ክፍል ነው። ዩቲዩብ ሾርትስም ከአንድ እስከ አምስት ሰከንድ ቆርጦ መውሰድን ይፈቅዳል። ረጅም ቪዲዮ የሚለቁ ሰዎች በዩቲዩብ ስቱዲዮ የቪዲዮው ዝርዝር ውስጥ "Shorts remixing" በሚለው ሥር ምስልና ድምፅ መፍቀድን፣ ድምፅ ብቻ መፍቀድን ወይም ሁሉንም መከልከልን መምረጥ ይችላሉ። የሰርግ ወይም የመዝሙር ቪዲዮ ሙሉውን የሚጭኑ ሰዎች ይህን መስመር ቢያዩት ጥሩ ነው።

መጨረሻ ያስቀመጥኩት በጣም የሚያሳስበኝን ነው። ቲክቶክ በ2021 ጥር ላይ ለታዳጊዎች ጥብቅ ደንብ አወጣ። ዕድሜው ከ16 ዓመት በታች በሆነ ልጅ አካውንት ላይ ያለ ቪዲዮ ዱየትም ስቲችም አይደረግም። የ16 እና የ17 ዓመት ልጆች አካውንት ደግሞ ከመነሻው "ለጓደኞች" ተብሎ ይቀመጣል፤ ልጁ ራሱ ካልቀየረው ማለት ነው። ደንቡ ጥሩ ነው፣ ነገር ግን የሚያየው የአካውንቱን ባለቤት ዕድሜ ነው፤ በቪዲዮው ውስጥ የሚታየውን ልጅ ዕድሜ አያይም።

የአራት ዓመት ልጇ በቁምጣ ሲጨፍር ቀርጻ የምትለቅ እናት አካውንቷ የሠላሳ ዓመት ሴት አካውንት ነው። ዱየቷ "ለሁሉም" ከሆነ የማታውቀው ጎልማሳ ከልጇ ጎን ፊቱን አስቀምጦ የፈለገውን ሊናገር ይችላል፤ ቪዲዮው የሚቀመጠውም በእሱ አካውንት ነው። በውጭ አገር ያሉ ቤተሰቦች ከአያት ጋር ለመገናኘት ሲሉ የሚለቋቸው የልጆች ቪዲዮዎችም እንዲህ ክፍት ሊሆኑ ይችላሉ። አያት ቪዲዮውን ለማየት ዱየት የማድረግ ፈቃድ አያስፈልጋትም። ቪዲዮውን ለጓደኞች ብቻ እንዲታይ አድርጎ አያትን መከተል፣ አያትም መልሳ እንድትከተል ማድረግ ይበቃል። ከዚያ ባለፈ ልጅ የሚታይባቸውን የቆዩ ቪዲዮዎች አንድ በአንድ ከፍቶ ሦስቱን ነጥቦች መንካት፣ ዱየትን፣ ስቲችንና ማውረድን ማጥፋት ያስፈልጋል። ሃምሳ ቪዲዮ ላለው ሰው የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ብዙ የታዩትን አስቀድሞ መጀመር ይሻላል።